ካንቲሊቨር ላይ ሦስት ማዕዘን ሎድ፦ መልሴ ከመጽሐፉ ልክ ሩቡን ሆነብኝ፣ የት ጋ ነው የሳትኩት?

ናቲ ሲቪል · ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐሙስ የስትሬንግዝ ፈተና አለብኝ። አንድ ጥያቄ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አላንቀሳቅስ ብሎኛል።

ርዝመቱ L የሆነ ካንቲሊቨር ቢም ነው። አንዱ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል፣ ሌላው ነፃ ነው። ሎዱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ግድግዳው ጋ w0፣ ነፃው ጫፍ ጋ ዜሮ። የነፃውን ጫፍ ዲፍሌክሽን በደብል ኢንቴግሬሽን አውጣ ይላል።

እኔ x-ን ከነፃው ጫፍ ጀመርኩ። እዚያ በኩል ሪአክሽን ስለሌለ ሞመንቱ በአንድ መስመር ያልቃል። እንዲህ ሠራሁት፦

```
w(x) = w0*x/L
M(x) = -(1/2)*(w0*x/L)*x*(x/3) = -w0*x^3/(6L)

EI*v'' = -w0*x^3/(6L)
EI*v'  = -w0*x^4/(24L) + C1
EI*v   = -w0*x^5/(120L) + C1*x + C2
```

ከዚያ ግድግዳው ጋ ስሎፑም ዲፍሌክሽኑም ዜሮ ነው ብዬ x = 0 አስገባሁ። C1 ዜሮ፣ C2 ዜሮ ወጡልኝ። በመጨረሻ x = L ሳስገባ እታች 120 መጣ። የመጽሐፉ ጀርባ ግን እንዲህ ይላል፦

```
v = -w0*L^4/(30*EI)
```

የእኔ ልክ ሩቡ ነው። የሂሳብ ስህተት ቢሆን እንዲህ የተስተካከለ ቁጥር ይመጣል? ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠርቼዋለሁ፣ ያው ነው።

---

ፈጣን እስክሪብቶ · ሰኞ፣ ማታ 3፡52

ናቲ፣ ኢንቴግሬሽንህ ልክ ነው። C1 እና C2 ደግሞ ለካንቲሊቨር ሁሌም ዜሮ ናቸው፣ እሱም ልክ ነው። የሳትከው ሞመንቱ ላይ ነው። የሦስት ማዕዘኑን ክብደት ማዕከል በ x/3 ርቀት ወስደሃል፣ 2x/3 መሆን አለበት። ቀይረህ ሞክረው፣ ይመጣልሃል።

---

ናቲ ሲቪል · ሰኞ፣ ማታ 4፡05

ሞከርኩት ወንድሜ። 60 መጣ። ቢያንስ ግማሽ መንገድ ተጠጋሁ።

---

አቋራጭ · ሰኞ፣ ማታ 4፡11

ለምን ትደክማላችሁ? እኔ ስልኬ ላይ ሠንጠረዥ አለኝ። ካንቲሊቨር በሦስት ማዕዘን ሎድ፦ 11*w0*L^4/(120*EI)። መጽሐፉ ተሳስቷል፣ ናቲም ተሳስቷል። 11 ጠፍቶበት ነው እንጂ 120ዋን አግኝቷታል።

---

ሄለን ተ. · ሰኞ፣ ማታ 4፡30

ቆይ ቆይ፣ ነገሩ እየተወሳሰበ ነው። ናቲ፣ ሞመንትህን መልሰህ x/3 አድርገው፣ ልክ ነበርክ። ክንዱ የሚለካው ከቆረጥክበት ቦታ ነው። የቆረጥክበት ቦታ ደግሞ የሦስት ማዕዘኑ ወፍራም ጎን ነው። ከወፍራሙ ጎን ማዕከሉ አንድ ሦስተኛ ነው የሚርቀው።

አሁን እስክሪብቶህን አስቀምጥና ያገኘኸውን መስመር ተመልከተው። C1 እና C2-ን ዜሮ ካደረግክ በኋላ የቀረህ v = -w0*x^5/(120*L*EI) ነው። x = 0 ላይ ምንም አይወርድም። x = L ላይ ከሁሉም በላይ ይወርዳል። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ በሥዕልህ ላይ x = 0 የት ነው?

---

ናቲ ሲቪል · ሰኞ፣ ማታ 4፡34

ነፃው ጫፍ። ...ወይኔ።

---

ሄለን ተ. · ሰኞ፣ ማታ 4፡48

አዎ። አየር ላይ የተቸነከረ፣ ግድግዳው ውስጥ ግን የሚወርድ ቢም ነው የሠራኸው። ሞመንቱን ከነፃው ጫፍ ለክተህ ጻፍክ፣ ባውንደሪ ኮንዲሽኑን ግን ክላስ ደብተርህ ላይ ካለው ሥዕል አመጣኸው። እዚያ x = 0 ግድግዳው ነበር። ሁለቱም ለየብቻቸው ልክ ናቸው፣ አንድ ላይ ግን አይሄዱም።

በአንተ x ግድግዳው ያለው x = L ላይ ነው። እዚያ ነው ሁለቱን ዜሮዎች የምታስገባው፦

```
v'(L) = 0  ->  C1 =  w0*L^3/24
v(L)  = 0  ->  C2 =  w0*L^4/120 - w0*L^4/24 = -w0*L^4/30
```

አሁን ነፃውን ጫፍ ስትፈልግ x = 0 ታስገባለህ። x^5 ያለበት ይጠፋል፣ C1*x ይጠፋል፣ የሚቀረው C2 ብቻ ነው። ያ "ሁሌም ዜሮ ነው" የተባለው C2 ራሱ ነው መልሱ። ከነፃው ጫፍ ስትነሳ ጠቅላላ ዲፍሌክሽኑ እዚያች ቋሚ ቁጥር ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

---

ናቲ ሲቪል · ሰኞ፣ ማታ 4፡57

ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ። C1 ፖዘቲቭ ነው የወጣው። ነፃው ጫፍ ላይ ስሎፑ C1/EI ከሆነ ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው፣ ማለትም ወደ ላይ። ቢሙ ወደ ታች እየጎበጠ ስሎፑ እንዴት ወደ ላይ ይሆናል?

---

ሄለን ተ. · ሰኞ፣ ማታ 5፡02

የምትሄደው ከነፃው ጫፍ ወደ ግድግዳው ስለሆነ ነዋ። ጫፉ ወርዶ ቁጭ ብሏል። ከእሱ ተነስተህ ወደ ግድግዳው ስትራመድ ዳገት ነው። ከግድግዳው ብትነሳ ያው ቢም ቁልቁለት ይሆንብህ ነበር። ምልክቱ የሚነግርህ የመንገዱን አቅጣጫ ነው።

---

ፈጣን እስክሪብቶ · ሰኞ፣ ማታ 5፡10

እሺ ሞመንቱ ላይ ተሳስቻለሁ። ግን ለካንቲሊቨር C-ዎቹ ዜሮ ናቸው ያልኩትን አልለቅም። እኛ ሁሌ x-ን ከግድግዳው ነው የምንጀምረው። ሁሌም ዜሮ ይወጣል። አስር ጥያቄ ሠርቻለሁ፣ አሥሩም ዜሮ።

---

ጋሽ ውሃልክ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

እንደምን አደራችሁ ልጆች። ማታ ተኝቼ ነው ያመለጠኝ።

ፈጣን እስክሪብቶ፣ ግማሹን ይዘኸዋል። ግን ዜሮ የሚያደርጋቸው ካንቲሊቨርነቱ አይደለም፣ ከግድግዳው መነሳቱም ብቻውን አይደለም። አሥሩን ጥያቄ ቅንፍ እየፈታህ ሠርተህ ይሆናል። ይህንኑ የናቲን ቢም ከግድግዳው ተነስተህ ቅንፉን ሳትፈታ ኢንቴግሬት አድርገው፦

```
EI*v'' = -w0*(L-x)^3/(6L)
EI*v'  =  w0*(L-x)^4/(24L) + C1
```

ግድግዳው ጋ x = 0 ነው፣ ስሎፑ ዜሮ ነው። ግን (L-x)^4 እዚያ ዜሮ አይሆንም፣ L^4 ነው የሚሆነው። ስለዚህ C1 = -w0*L^3/24 ይወጣል። ቅንፉን በትነህ x፣ x^2፣ x^3 እያልክ ብትጽፈው ኖሮ ሁሉም x = 0 ላይ ይጠፉና C1 ዜሮ ይሆን ነበር። ያው ቢም፣ ያው መነሻ፣ ያው ሎድ ነው። አጻጻፍህ ብቻ ተለወጠና C1 ተለወጠ።

ሥራ ላይ ብዙ ወጣቶች እዚህ ጋ ሲሰናከሉ አይቻለሁ። ቅንፉን ይዘው ይሄዱና C-ዎቹን በልማድ ይሰርዟቸዋል። ከዚያ ነፃው ጫፍ ላይ x = L ሲያስገቡ ቅንፉ ዜሮ ይሆንና ዲፍሌክሽኑ ዜሮ ነው ብለው ይመጣሉ። ያኛው ደህና ነው፣ ሞኝነቱ ከሩቅ ይታያል። የናቲ ዓይነቱ ነው የሚያስፈራው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ለዓይን ልክ ይመስላል።

ናቲ፣ አንተ ያልከውን ደግሞ አስቤበት ነበር፣ "እንዲህ የተስተካከለ ቁጥር ይመጣል ወይ" ያልከውን። ቢሙ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የወሰነው ሞመንቱ ነው፣ ሞመንትህ ደግሞ ልክ ነበር። ስለዚህ የሠራኸው ኩርባ ትክክለኛ ኩርባ ነው። የተሳሳተው አቀማመጡ ነው። C1*x + C2 ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው። ኩርባውን አያጥፍም አያቃናም፣ አንስቶ ያዞረዋል፣ ወደ ላይ ወደ ታች ያወርደዋል። የታጠፈ ፌሮ በእጅህ እንደያዝክ አስበው። ባውንደሪ ኮንዲሽን ማለት ፌሮውን የትኛው ጫፉ ላይ ይዘህ ግድግዳው ላይ እንደምትገጥመው መወሰን ነው። አንተ በተሳሳተው ጫፍ ገጠምከው።

---

አቋራጭ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡40

ጋሼ፣ የእኔን 11/120 ማንም አልመለሰልኝም። ሠንጠረዡ ላይ በግልጽ አለ። ፎቶ ልላክ?

---

ጋሽ ውሃልክ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

ሠንጠረዥህ ልክ ነው፣ ጥያቄውን ነው ያላነበብከው። ያንተ ሦስት ማዕዘን ወፍራሙ ጎኑ ነፃው ጫፍ ላይ ነው። የናቲ ወፍራሙ ግድግዳው ጋ ነው። ሥዕሉን እየው፣ ቁጥሩን ብቻ አትቅዳ። ያንተ ሎድ ሸክሙን ሩቅ ላይ ስላስቀመጠ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ይጎብጣል። አጠቃላይ ክብደቱ ግን እኩል ነው፣ ሁለቱም w0*L/2 ናቸው።

ሠንጠረዝህን ስላመጣህ ግን አመሰግናለሁ፣ ለናቲ ማረጋገጫ ይሆነዋል። ሁለቱን ሦስት ማዕዘኖች ደርባችሁ አስቀምጡ። አንዱ ግድግዳው ጋ ወፍሮ ወደ ነፃው ይቀጥናል፣ ሌላው በተቃራኒው። ሲደመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ w0 ይሆናሉ። የእኩል ሎዱ ዲፍሌክሽን ደግሞ ሁላችሁም በቃላችሁ የምታውቁት ነው፣ እታች 8 ያለው፦

```
1/30 + 11/120 = 4/120 + 11/120 = 15/120 = 1/8
```

ልክ ገጠመ። በናቲ 120 ብትሞክሩት 12/120 ይመጣል፣ አይገጥምም። ፈተና ላይ ሠንጠረዥ ባይፈቀድም ይቺን ግማሽ ደቂቃ ውስጥ መሥራት ይቻላል፣ ግን ሁለቱንም ማውጣት አለባችሁ።

---

አቋራጭ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡09

እሺ ጋሼ፣ ተሸነፍኩ። ስክሪኑ ትንሽ ነው።

---

የሳይት ልጅ · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡20

ይቅርታ ክሩን ልጠልፈው ነው። እኔ ሳይት ላይ ነኝ። የኮንክሪት ውሃ ማጠራቀሚያ እየጨረስን ነው። አራት ማዕዘን ነው፣ ጣሪያ የለውም፣ ግድግዳው 3 ሜትር ቁመት፣ 25 ሳንቲ ውፍረት፣ የረጅሙ ጎን 12 ሜትር። ቅዳሜ ለፍሳሽ ሙከራ ውሃ ልንሞላው ነው። ትናንት አማካሪው "ሲሞላ የግድግዳው አናት ስንት ይሄዳል?" ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። አሁን የናቲን ሥዕል ሳይ የእኔ ግድግዳ ቆሞ ያየሁት መሰለኝ። ልክ ነኝ?

---

ሄለን ተ. · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

ልክ ነህ፣ በጣም ልክ ነህ። ከግድግዳው መሃል አንድ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቁረጥ። ማዕዘኖቹ ጋ የጎን ግድግዳዎች ስለሚይዙት ሌላ ነገር ነው፣ የ12 ሜትሩ መሃል ላይ ግን ካንቲሊቨር ብሎ መውሰድ ብዙም አያስቀይምም። ታች መሠረቱ ላይ ተቀብሯል፣ አናቱ ነፃ ነው። የውሃ ግፊት ከገጹ ዜሮ ተነስቶ እስከ ታች ይጨምራል። የናቲ x እዚህ ከውሃው ገጽ ወደ ታች ያለው ጥልቀት ነው። ከነፃው ጫፍ መነሳት የሚመቸው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው።

ኮንክሪቱን 30 ጊጋ ፓስካል ብለን ብንወስድ፦

```
w0 = 9.81*3         = 29.4 kN/m
I  = 1*0.25^3/12    = 0.0013 m^4
EI = 30e6*0.0013    = 39000 kN*m^2
v  = 29.4*3^4/(30*39000) = 0.002 m
```

2 ሚሊ። በናቲ የመጀመሪያ መልስ ግማሽ ሚሊ ይሆን ነበር። ሁለቱም ለወረቀት ምንም አይመስሉም፣ ለአማካሪህ ግን 2 በለው።

---

ጋሽ ውሃልክ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

2 አትበለው ልጄ። ሄለን ሂሳቡን አልሳተችም፣ ኮንክሪቱን ነው ያመነችው።

ታች መሠረቱ ጋ ያለውን ሞመንት አውጡት። w0*L^2/6 ነው፣ ወደ 44 ኪሎ ኒውተን ሜትር። 25 ሳንቲ ኮንክሪት፣ የመሳብ ጥንካሬው 2.6 ሜጋ ፓስካል ከሆነ፣ 27 ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ታች ሲሞላ ይሰነጠቃል። አትደንግጡ፣ ፌሮው የተቀመጠው ለዚያ ነው፣ የስንጥቁ ስፋት ሌላ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ምን ያህሉ ቁመት ይሰነጠቃል ነው። ሞመንቱ በ x^3 ስለሚያድግ 27 የሚደርሰው ከገጹ 2.55 ሜትር ላይ ነው። ማለትም የታችኛው 45 ሳንቲ ብቻ ነው።

"45 ሳንቲ ምን ያደርጋል" ትሉ ይሆናል። እኔም ወጣት ሆኜ ብያለሁ። ግን የአናቱን ጉዞ የሚሠራው እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው መታጠፍ እስከ አናቱ ባለው ርቀት ተባዝቶ ነው። ታች ሞመንቱም ትልቅ ነው፣ ርቀቱም ትልቅ ነው። ደምሩት፦ ከ2 ሚሊው ውስጥ 56 በመቶው ከዚያ ከ45 ሳንቲው ነው የሚመጣው። የተሰነጠቀው ክፍል EI ወደ ሲሶ ወረደ ብንል፣ አናቱ 4.3 ሚሊ ይሄዳል። ሲሶ ያልኩት ግምት ነው። በፌሮው መጠን ይለያያል።

ደብል ኢንቴግሬሽን ላይ EI-ን ከኢንቴግራሉ ውጭ ስናወጣ እኩል ነው ብለን ተማምነን ነው። እዚህ እኩል አይደለም። ሁለት ቁራጭ አድርጋችሁ፣ በ2.55 ላይ ስሎፑና ዲፍሌክሽኑ እንዲገጣጠሙ አድርጋችሁ መሥራት አለባችሁ። አራት C ይወጣችኋል።

---

ፈጣን እስክሪብቶ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡48

አራቱም ዜሮ?

---

ጋሽ ውሃልክ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

አንተ ልጅ።

---

የሳይት ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ጋሼ፣ መሠረቱስ? እኛ የቆምነው ሸክላ አፈር ላይ ነው። ከታች ጠጠርና ሊን ኮንክሪት አድርገናል ግን እኔ ፈጽሞ አይዞርም ብዬ አልምልም።

---

ጋሽ ውሃልክ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ይሄ ነው የምወደው ጥያቄ። ናቲ ሆይ፣ v'(L) = 0 ብለህ የጻፍካት መስመር ሂሳብ አይደለችም፣ ስለ አፈሩ የሰጠኸው ቃል ነው። መሠረቱ ትንሽ ከዞረ እዚያ ዜሮ አይገባም፣ የዞረው መጠን ነው የሚገባው። አናቱ ላይ ደግሞ ያ መዞር በሦስት ሜትር ተባዝቶ ይደመራል። መሠረቱ በአንድ ሺኛ ራዲያን ቢዞር፣ አናቱ ላይ 3 ሚሊ ነው። ያ ሄለን ካወጣችው ከ2 ሚሊው ይበልጣል።

ቅዳሜ ስትሞሉት ከአናቱ ብቻ አትለካ። ግማሽ ቁመት ላይም ለካ። ግድግዳው ሳይሰነጠቅ ቢታጠፍ ብቻ፣ የመሃሉ ጉዞ የአናቱ 0.38 ነው። መሠረቱ ቢዞር ብቻ፣ ግድግዳው ቀጥ እንዳለ ስለሚዘነብል የመሃሉ ልክ ግማሽ ነው። ከቁጥሩ የትኛው እንደሆነ ታያለህ። ግድግዳውን ከማይነካ ነገር ላይ ዳያል ጌጅ ካላችሁ ያንን ተጠቀሙ። ሲባጎና ቱንቢ ሚሊ አይለይም።

---

ናቲ ሲቪል · ሐሙስ፣ ማታ 2፡10

ከፈተና ነው የመጣሁት። ሦስት ማዕዘኑ ተገልብጦ መጣ፣ የአቋራጭ ዓይነት። 11/120 አወጣሁ። ስሎፑ ላይ ግን ምልክቱን የሳትኩ መሰለኝ፣ ከግድግዳው ተነስቼ ዳገት ነው ብዬ ጻፍኩ።

---

የሳይት ልጅ · እሑድ፣ ከሰዓት 10፡30

ትናንት ሞላነው። ዳያል ጌጅ አንድ ብቻ ነው የተገኘው፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ አናቱ ላይ፣ ቀጥሎ መሃል ላይ አድርገን ሁለት ጊዜ ሞላን። ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ እዚያው ነበርን፣ ፎርማኑ ሰደበኝ። ውጤቱ፦ አናቱ 6.2 ሚሊ፣ መሃሉ 2.8 ሚሊ።

ሲካፈል 0.45 ነው። ጋሼ፣ 0.38ም አይደለም፣ 0.5ም አይደለም። ምን ልበለው?

---

ጋሽ ውሃልክ · እሑድ፣ ማታ 1፡10

ደግ ሠርተሃል፣ ፎርማኑን ተወው። ሁለቱ ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ስንጥቁ 4.3 ከሰጠ፣ የቀረው 1.9 የመሠረቱ መዞር ነው። መሃሉን ደምረው፦ ከመታጠፉ 1.8፣ ከመዞሩ 0.95። ወደ 2.8 ይመጣል። ገጠመ።

---

ሄለን ተ. · እሑድ፣ ማታ 1፡45

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም። መሠረቱ ምንም አልዞረም ብዬ፣ የተሰነጠቀው ክፍል EI ሲሶ ሳይሆን አንድ አምስተኛ ገደማ ነው ብል፣ አናቱ 6.2 ይመጣል። መሃሉን ሠራሁት፣ 2.7 ነው። ታች ያሉት 45 ሳንቲዎች በጣም ሲላሉ ራሳቸው እንደ ማጠፊያ ስለሚሠሩ፣ ግድግዳው መሠረቱ የዞረ ይመስላል። የእርስዎና የእኔ መልስ የሚለያዩት በ0.1 ሚሊ ነው። በአንድ ዳያል ጌጅ፣ በሁለት የተለያየ ሙሌት፣ ያንን መለየት አይቻልም። ደግሞ ሁለተኛው ሙሌት ላይ ግድግዳው አስቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር።

---

ጋሽ ውሃልክ · እሑድ፣ ማታ 2፡20

ሁለተኛውን ሙሌት አላሰብኩትም። ልክ ነሽ። እንግዲያው መሠረቱን ራሱን ነው መለካት የሚያስፈልገው። ጌጁን ከግድግዳው ውጭ ባለው የመሠረቱ ጠርዝ ላይ፣ ወደ ታች አድርጎ። ሲሞላ ጠርዙ ከወረደ አፈሩ ነው፣ ካልወረደ ሄለን ናት።

---

የሳይት ልጅ · እሑድ፣ ማታ 2፡31

ጋሼ፣ መሠረቱን ሐሙስ ዕለት አፈር ሞልተንበታል። ጠርዙ 80 ሳንቲ ታች ነው። ነገ ጠዋት ፎርማኑን አንድ ቦታ ላይ እናስቆፍር ልለው ነው። እስካሁን ለሰላምታዬም መልስ አልሰጠኝም።